9,801 ያልታወቁ ቁጥሮች በ462 እርምጃ

የዙሪኩ የሒሳብ ሊቅ ኤድዋርድ ስቲፈል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1951 ለስብሰባ ሎስ አንጀለስ ገቡ። ስብሰባውን ባዘጋጀው የስሌት ምርምር ተቋም የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ አንድ ጽሑፍ ሰጣቸው። ጸሐፊው የተቋሙ ባልደረባ ማግነስ ሄስቴንስ ነበሩ። ስቲፈል ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩትና ወረቀቱን እንደያዙ ወደ ሄስቴንስ ቢሮ ሄዱ፤ ይህ የእኔ ንግግር ነው አሏቸው። ታሪኩን ከዓመታት በኋላ የተረኩት ሄስቴንስ ራሳቸው ናቸው። ሁለቱ ሰዎች ውቅያኖስ ለያይቷቸው፣ አንዱ ስለሌላው ሥራ ሳያውቅ፣ አንድ ቦታ ደርሰው ነበር። ነገሩ በክርክር አልተቋጨም፤ በ1952 ሥራውን በሁለቱም ስም አሳተሙት። ዘዴው ዛሬም የሚጠራው ያኔ በወጣለት ስም ነው፤ ኮንጁጌት ግራዲየንት።

ጽሑፋቸው አንድ ደስ የሚል ተስፋ ይዟል። ያልታወቁት ቁጥሮች መቶ ከሆኑ፣ ስሌቱ ያለ ስህተት እስከተሠራ ድረስ፣ ቢበዛ በመቶ እርምጃ ትክክለኛው መልስ ላይ ይደረሳል። ዛሬ ዘዴውን በየቀኑ የሚጠቀሙ ሰዎች ግን እርምጃቸውን የሚገምቱት በያልታወቁት ቁጥሮች ብዛት አይደለም። የሚጠይቁት ስለ ሌላ ቁጥር ነው፤ ስሙ ኮንዲሽን ነምበር ይባላል፣ በግሪኩ ፊደል κ (ካፓ) ይጻፋል። ስለዚህ ቁጥር፣ በተለይም ስለ ዳግም ዘሩ፣ ላጫውታችሁ።

ላሜራው

አንድ አራት ማዕዘን የብረት ላሜራ አስቡ። ጠርዞቹ በሙሉ አንድ ቋሚ ሙቀት ላይ ተይዘዋል፤ መሐሉን ከሥር እሳት ይነካዋል። በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ያለው ሙቀት ስንት ነው? ለማስላት ላሜራውን በመረብ እንከፋፍለዋለን። እያንዳንዱን ጎን መቶ ቦታ ብንከፍለው፣ ከጠርዙ በመለስ 99 በ99፣ ማለትም 9,801 ነጥቦች ይኖሩናል። የእያንዳንዳቸው ሙቀት ያልታወቀ ቁጥር ነው።

ሕጉ ቀላል ነው። ከሥሩ እሳት የሌለበት ነጥብ ሙቀቱ የአራቱ ጎረቤቶቹ አማካይ ነው፤ እሳት ካለበት ደግሞ ከአማካዩ ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ እኩልታ ይወጣል፤ የራሱ ሙቀት አራት ጊዜ ተባዝቶ፣ የአራቱ ጎረቤቶቹ ሙቀት ሲቀነስለት፣ ከእሳቱ የሚደርሰውን ድርሻ ይሰጣል። 9,801 እኩልታዎች፣ 9,801 ያልታወቁ ቁጥሮች። ማባዣዎቹን በሰንጠረዥ ስንደረድራቸው ማትሪክስ እናገኛለን፤ A እንበለው።

ይህ ማትሪክስ ሁለት ጠባዮች አሉት። አንደኛ፣ ሲሜትሪክ ነው፤ ይህ ነጥብ ጎረቤቱን የሚነካውን ያህል ጎረቤቱም እሱን ይነካዋል። ሁለተኛ፣ ፖዘቲቭ ዴፊኒት ነው፤ ትርጉሙን ወደ ጎድጓዳው ስንመጣ ታዩታላችሁ። በዚያ ላይ አብዛኛው ሰንጠረዥ ዜሮ ነው፤ በአንድ ረድፍ ከ9,801 ቦታ ቢበዛ አምስቱ ብቻ ቁጥር አለባቸው። ስለዚህ A ን በአንድ የቁጥሮች ዝርዝር ማባዛት ርካሽ ነው፤ ወደ 49,000 ገደማ ብዜት ይበቃዋል። ኮንጁጌት ግራዲየንት በእያንዳንዱ እርምጃ ከማትሪክሱ የሚፈልገው ይህችኑ አንዲት ብዜት ነው። የቀረው ጥያቄ ስንት እርምጃ ያስፈልጋል የሚለው ነው።

ጎድጓዳው

9,801 ያልታወቁ ነገሮችን በዓይነ ኅሊና ማየት ስለማይቻል ወደ ሁለት እንውረድ። ማትሪክሳችን ሰያፉ ላይ 1 እና 9 ብቻ ያለበት፣ ሌላው ዜሮ የሆነ ይሁን። ለማየት እንዲመች መልሱ x = 0፣ y = 0 ላይ እንዲወድቅ አድርገነዋል። እኩልታውን መፍታት ማለት የዚህን ጎድጓዳ ወለል መፈለግ ማለት ነው፦

f = (x² + 9y²) / 2

ፖዘቲቭ ዴፊኒት ማለትም ይኸው ነው፤ በየትኛውም አቅጣጫ ብትሄዱ መሬቱ ከወለሉ ወደ ላይ ይወጣል፣ የትም የሚያፈስ ጎን የለውም። ጎድጓዳው ግን ክብ አይደለም። በ x አቅጣጫ ዘርጋ ያለ፣ በ y አቅጣጫ ገደል የሆነ ነው። የሁለቱ ቁልቁለቶች ንጽጽር 9 ለ 1 ነው፤ የዚህ ማትሪክስ κ 9 ነው ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሐሳብ ሁሉም ሰው የሚመጣለት ነው፤ በቆምክበት ቦታ ቁልቁለቱ የበረታበትን አቅጣጫ ያዝ፣ በዚያው መስመር ዝቅተኛው ቦታ እስክትደርስ ሂድ፣ ከዚያ እንደገና ዙሪያህን ተመልከት። ይህ ስቲፔስት ዲሰንት ይባላል። ከ (9፣ 1) እንነሣ። እዚያ ላይ ቁልቁለቱ የሚወስደን በ (−9፣ −9) አቅጣጫ ነው። በዚያ መስመር ላይ ዝቅተኛው ቦታ የሚገኘው የአቅጣጫውን 0.2 እጥፍ ስንሄድ ነው፤ (7.2፣ −0.8) ላይ እንቆማለን። ወለሉን በ y በኩል አልፈነው ሄድን፣ በ x በኩል ግን ገና ሩቅ ነን። ቀጣዩ እርምጃ (5.76፣ 0.64) ላይ ያደርሰናል። አሁን ልብ በሉ፤ ሁለቱም ቁጥሮች በእያንዳንዱ እርምጃ በ0.8 እየተባዙ ነው፣ የ y ምልክት ብቻ ይገላበጣል። ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተላጋን እንወርዳለን፤ ከስህተቱ አንድ ሚሊዮንኛው ብቻ እስኪቀር 62 እርምጃ ይፈጅብናል።

ኮንጁጌት ግራዲየንት የመጀመሪያውን እርምጃ በዚሁ መንገድ ይራመዳል። (7.2፣ −0.8) ላይ ሲደርስ ግን አዲሱን ቁልቁለት ብቻ አይከተልም። አዲሱ ቁልቁለት (−7.2፣ 7.2) ነው። በዚህ ላይ የቀድሞውን አቅጣጫ 0.64 እጥፍ ይጨምርበታል። 0.64 የመጣው ከሁለቱ ቁልቁለቶች ርዝመት ነው፤ የአዲሱ ርዝመት ዳግም ርቢ 103.68 ለአሮጌው 162 ሲካፈል። አዲሱ አቅጣጫ (−12.96፣ 1.44) ይሆናል። በዚያ መስመር ላይ የአቅጣጫውን አምስት ዘጠነኛ እንሂድ፤ 12.96 በ5/9 ሲባዛ 7.2 ነው፣ 1.44 በ5/9 ሲባዛ 0.8 ነው። ደረስን። (0፣ 0)።

በሁለት እርምጃ ያለቀው በዕድል አይደለም። ሁለቱን አቅጣጫዎች ማትሪክሱን መሐል አስገብታችሁ አባዟቸው፤ የ x ድርሻ 9 × 12.96 = 116.64፣ የ y ድርሻ 9 × 9 × 1.44 ከነምልክቱ −116.64፣ ድምሩ ዜሮ። ኮንጁጌት የሚለው ቃል ይህን ነው የሚለው። ሁለተኛው ጉዞ የመጀመሪያውን ጉዞ ውጤት አያፈርስም፤ በመጀመሪያው መስመር የተገኘው ዝቅታ እንደተጠበቀ ይቆያል። ስቲፔስት ዲሰንት ትናንት የሠራውን ዛሬ በከፊል ያፈርሳል፤ ኮንጁጌት ግራዲየንት አንዴ የጠረገውን ሁለተኛ አያቆሽሽም።

ዳግም ዘሩ

ያልታወቁት ሁለት ሳይሆኑ ሺዎች ሲሆኑ እስከ መጨረሻው እርምጃ መሄድ አንፈልግም፤ መልሱ ለሥራችን የሚበቃ ያህል ሲቀርብ ማቆም እንፈልጋለን። እዚህ ላይ ነው κ የሚገባው። ስህተታችንን በጎድጓዳው ከወለሉ በላይ ባለን ከፍታ ዳግም ዘር እንለካው። ስቲፔስት ዲሰንት በየእርምጃው ስህተቱን ቢበዛ በ (κ − 1)/(κ + 1) እንደሚያባዛው የተረጋገጠ ነው። ለ κ = 9 ይህ 8/10 ነው፤ የያዝነው 0.8 ይኸው ነው። የኮንጁጌት ግራዲየንት ዋስትና ደግሞ እንዲህ ይጻፋል፦

‖e_k‖_A ≤ 2 · ((√κ − 1)/(√κ + 1))^k · ‖e_0‖_A

በግራ ያለው ከ k እርምጃ በኋላ የቀረው ስህተት ነው፤ በቀኝ መጨረሻ ያለው የተነሣንበት ስህተት። ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን ስታዩ ልዩነቱ አንዲት ምልክት ናት፤ κ በነበረበት ቦታ √κ ገብቷል። ለ κ = 9 በ0.8 ፋንታ 0.5 ሆነ ማለት ነው።

ወደ ላሜራው እንመለስና ይህች ምልክት ምን እንደምታተርፍ እንይ። የላሜራው κ በትክክል ሊሰላ ይችላል። አንዳንድ የሙቀት ቅርጾች አሉ፤ ማትሪክሱ ሲነካቸው መልካቸውን ሳይለውጡ በአንድ ቁጥር ብቻ ይባዛሉ። ያ ቁጥር አይገንቫልዩ ይባላል። በእኛ ላሜራ ትንሹ አይገንቫልዩ የአንድ ሰፊ ጉብታ ነው፤ መሐሉ ከፍ ብሎ ወደ ጠርዝ ቀስ እያለ የሚወርድ ቅርጽ። እያንዳንዱ ነጥብ ከጎረቤቶቹ አማካይ ጋር እኩል ሊሆን ምንም ያህል ስላልቀረው ማትሪክሱ ከቁብ አይቆጥረውም፤ ቁጥሩ 0.00197 ገደማ ነው። ትልቁ የዳማ ሰሌዳ የመሰለው ቅርጽ ነው፤ አንዱ ነጥብ ላይ፣ ጎረቤቱ ታች። የእርሱ ቁጥር ከ8 ትንሽ ያንሳል። κ ማለት የትልቁ ለትንሹ ንጽጽር ነው፤ 4,052 ይመጣል። ዳግም ዘሩ ወደ 64 ነው።

ስህተቱ በሚሊዮን እንዲያንስ እንፈልግ። በስቲፔስት ዲሰንት ሕግ ስናሰላ 28,000 እርምጃ ይመጣል። በኮንጁጌት ግራዲየንት 462። ለፈጣን ግምት የሚበቃው ቀመር √κ ን ለሁለት አካፍሎ፣ ለሚፈለገው ትክክለኛነት በሚገባው ቁጥር ማባዛት ነው፤ ለአንድ ሚሊዮንኛ ያ ቁጥር 14.5 ነው።

ዳግም ዘሩ ከየት መጣ?

ብዙ መጻሕፍት ቀመሩን አስቀምጠው ያልፋሉ። ምክንያቱ ግን ከቀመሩ የበለጠ ደስ ይላል።

ስህተቱን በእነዚያ የተፈጥሮ ቅርጾች ክፍሎች በትኑት። ማትሪክሱን k ጊዜ ብቻ የሚጠቀም ማንኛውም ዘዴ ከ k እርምጃ በኋላ እያንዳንዱን ክፍል በአንድ ብዜት አሳንሶ ይተወዋል። ብዜቱ የዚያ ክፍል አይገንቫልዩ ላይ የተሰላ የ k ዲግሪ ፖሊኖሚያል ነው፤ አንድ ግዴታ አለበት፣ ዜሮ ላይ ዋጋው 1 መሆን አለበት። ጥበቡ እንግዲህ ዜሮ ላይ 1 ሆኖ የሚጀምር፣ አይገንቫልዩዎቹ ያሉበት ክልል ውስጥ ግን ወደ ዜሮ ተጠግቶ የሚቆይ ፖሊኖሚያል ማግኘት ነው። ኮንጁጌት ግራዲየንት ከእንዲህ ያሉት ሁሉ ለያዘው ችግር የሚበጀውን፣ ማንም ሳይነግረው፣ በየእርምጃው ራሱ ይመርጣል። ስለዚህ እኛ በእጃችን አንድ ጥሩ ፖሊኖሚያል ብናገኝ፣ ዘዴው ከእርሱ እንደማይብስ እርግጠኞች ነን።

አይገንቫልዩዎቹ ከ1 እስከ 9 የተበተኑ ናቸው እንበል። አንድ ዲግሪ ብቻ ካለን የሚሻለው ቀጥታ መስመር 1 − λ/5 ነው። 1 ላይ 0.8፣ 9 ላይ −0.8፤ ከዚህ አይሻልም። ሁለት ዲግሪ ሲኖረን ያንኑ መስመር ደግመን ብናባዛው 0.64 እናገኛለን። ስቲፔስት ዲሰንት በክፉ ቀኑ የሚያደርገው ይህን ነው፤ ሁለቱንም ዲግሪ አንድ ቦታ፣ 5 ላይ ያባክናል። ሁለቱን ለያይተን አንዱን 2.17 ላይ፣ ሌላውን 7.83 ላይ ብናስቀምጣቸውስ?

(1 − λ/2.17) · (1 − λ/7.83)

1 ላይ 0.47 ይሰጣል፣ 5 ላይ −0.47፣ 9 ላይ 0.47። በመላው ክልል ከ0.47 አይዘልም። ሦስት ዲግሪ ሲሆን የመስመሩ 0.51፣ በሚገባ የተበተነው 0.25 ነው። ልዩነቱ በየእርምጃው ይሰፋል።

2.17 እና 7.83 የተገኙት ሩሲያዊው ፓፍኑቲ ቼቢሼቭ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ካጠኗቸው ፖሊኖሚያሎች ነው። በክልሉ ላይ ግማሽ ክብ ሥሩ፤ በቅስቱ ላይ ነጥቦችን በእኩል ርቀት ደርድሩ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ መሬት ጣሉት። የወደቁበት ቦታ መሐሉ ላይ ሳሳ፣ ዳርና ዳር ላይ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ዳር ላይ መጠቅጠቃቸው ነው ምሥጢሩ። በክብ ጫፍ ላይ በአንግል ትንሽ ስትንቀሳቀሱ፣ መሬት ላይ ያለው ጥላ የሚንቀሳቀሰው በአንግሉ ዳግም ርቢ ያህል ብቻ ነው። ተገላቢጦሹ፣ መሬት ላይ ያለች ትንሽ ርቀት በአንግል ስትለካ የዳግም ዘሯን ያህል ትገዝፋለች። ፖሊኖሚያላችን 1 መሆን ያለበት ዜሮ ከክልሉ ጠርዝ የሚርቀው፣ ከክልሉ ስፋት አንጻር፣ በ1/κ ያህል ነው። በአንግል ሲታይ ያ ርቀት 1/√κ ያህል ይሆናል፤ የእርምጃው ቁጥርም የሚወሰነው በዚህ ነው። κ ወደ √κ የወረደው በዚህ በር ነው።

ዋስትና እንጂ ትንቢት አይደለም

ጠንቃቃ አንባቢ አንድ ነገር ሳይታዘበኝ አልቀረም። ለሁለቱ ቁጥሮች ምሳሌ ዋስትናው የሚለው 21 እርምጃ ነው፤ እኛ ግን በሁለት ጨርሰናል። ቀመሩ ተሳስቶ አይደለም። ቀመሩ የሚያውቀው ሁለቱን ዳሮች ብቻ ነው፤ በመሐላቸው ያሉት አይገንቫልዩዎች በክፉ መልክ የተበተኑ ናቸው ብሎ ያስባል።

ይህ ልዩነት እጅግ ሊሰፋ ይችላል። መቶ አይገንቫልዩዎች አሉ እንበል፤ 99ኙ በ1 እና በ4 መካከል፣ አንዱ ብቻ አንድ ሚሊዮን ላይ። κ አንድ ሚሊዮን ነው፤ ዋስትናው ከ7,000 እርምጃ በላይ ይላል። ነገር ግን አንዱን ዲግሪ ያ ብቸኛ ቁጥር ላይ ብናስቀምጠው በአንድ እርምጃ ጠፋ፤ ሌሎቹን አያባብስም። ለቀሩት κ 4 ነው፣ ዳግም ዘሩ 2፤ 15 እርምጃ ይበቃቸዋል። በድምሩ 16። ስለዚህ κ ትልቅ ነው የሚል ዜና ሲደርሳችሁ ለምን ትልቅ እንደሆነ ጠይቁ። ጥቂት ቁጥሮች ርቀው ሸሽተው ከሆነ ዕዳው ቀላል ነው፤ እንደ ላሜራው ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ከሆነ ግን ዋስትናው ከእውነቱ ብዙም አይርቅም።

ሌላው ወገን ደግሞ አለ። የሄስቴንስና የስቲፈል የእርምጃ ተስፋ ስሌቱ ያለ ስህተት መሠራቱን ይጠይቃል። ኮምፒውተር ግን በተለመደው አሠራሩ ወደ 16 አሐዝ ብቻ ይይዛል፤ የቀረውን ያጠጋጋል። ያች ጥራፊ በየእርምጃው ትጠራቀምና አዲሶቹ አቅጣጫዎች ከድሮዎቹ ጋር የነበራቸውን ውል ቀስ በቀስ ያፈርሳሉ። አንዴ የተጠረገው ጥግ እንደገና ይቆሽሻል፤ ዘዴው ተመልሶ ሊጠርገው ይገደዳል። ያን ብቸኛ ሚሊዮን በአንድ እርምጃ አጠፋነው ስንልም በእውነተኛ ማሽን ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ዘዴው ከታተመ በኋላ ለዓመታት ችላ የተባለው በዚህ ነው፤ ሰዎች በተባለው እርምጃ በትክክል ያልቃል ብለው ጠበቁት፣ አላለቀም። በ1971 እንግሊዛዊው ጆን ሪድ ነገሩን ከሌላ በኩል አሳዩ፤ ዘዴው በጣም ብዙ ያልታወቁ ላሏቸውና አብዛኛው ዜሮ ለሆኑ ማትሪክሶች የሚጠቅመው እስከ መጨረሻ ስለሚሄድ ሳይሆን ከመጨረሻው ብዙ ቀድሞ በቂ መልስ ስለሚሰጥ ነው።

መቼ እንደሚዋሽ ማወቅ

ፕሮግራሙ ስህተቱን በቀጥታ ሊያይ አይችልም፤ ስህተቱን ቢያውቅ ኖሮ መልሱን ባወቀ ነበር። የሚያየው ቀሪውን ነው፤ የያዘውን መልስ እኩልታው ውስጥ አስገብቶ ምን ያህል እንደጎደለ። አብዛኛው ፕሮግራም ቀሪው ከቀኝ በኩል ካሉት ቁጥሮች አንጻር ከአንድ ሚሊዮንኛ ሲያንስ ሥራዬ አለቀ ይላል። እዚህ ላይ κ ሁለተኛ ፊቱን ያሳያል።

ሰያፉ ላይ 1 እና 1,000,000 ያለበትን ማትሪክስ ውሰዱ። ትክክለኛው መልስ x = 1፣ y = 1 ነው፤ በቀኝ በኩል ያሉት ቁጥሮች 1 እና 1,000,000 ናቸው። አንድ ሰው x = 0፣ y = 1 የሚል መልስ ይዞ መጣ። ቀሪው 1 እና 0 ነው፤ ከሚሊዮን አንጻር አንድ ሚሊዮንኛ። ፕሮግራሙ ሊያጨበጭብ ነው። x ግን ሙሉ በሙሉ ስህተት ነው። ደንቡ እንዲህ ነው፤ የመልሱ ስህተት ከቀሪው እስከ κ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። κ 10 ቢሊዮን ከሆነ ደግሞ 16 አሐዝ ካለው ማሽን 6 አሐዝ ገደማ እውነት ካገኛችሁ አመስግኑ፤ እርምጃ ብትጨምሩም አይሻልም።

ስለዚህ የሚያዩዋቸው ምልክቶች አሉ። በየመሐሉ ቀሪውን ከመጀመሪያው እኩልታ እንደ አዲስ አስሉ፤ ፕሮግራሙ እያደሰ ከያዘው ቁጥር ጋር መለያየት ከጀመረ ማሽኑ አቅሙ ላይ ደርሷል። ቀሪው አንዳንዴ ከፍ ዝቅ ቢል አትደንግጡ፤ በዚህ ዘዴ በእርግጠኝነት በየእርምጃው የሚቀንሰው በከፍታ የተለካው ስህተት ነው፣ ቀሪው አይደለም። የአቅጣጫው ብዜት ከማትሪክሱ ጋር ዜሮ ወይም ኔጋቲቭ ከመጣ ግን ቁሙ። ጎድጓዳው ጎድጓዳ አይደለም፤ ማትሪክሱ ሲሠራ የሆነ ቦታ ተበላሽቷል ወይም ዘዴው የማይሆንለት ችግር ይዛችኋል።

ጎድጓዳውን ክብ ማድረግ

ከላይ ያለው የ1 እና የ1,000,000 ማትሪክስ መድኃኒቱ ቅርብ ነው። አንዱ ያልታወቀ ቁጥር በኪሎ ሜትር፣ ሌላው በሚሊ ሜትር ተጽፎ እንደሆነ አስቡት፤ ችግሩ የመለኪያው እንጂ የነገሩ አይደለም። እያንዳንዱን ረድፍና ዓምድ በሰያፉ ቁጥር ዳግም ዘር ብናካፍል κ ወደ 1 ይወርዳል፤ ጎድጓዳው ክብ ይሆናል፣ በአንድ እርምጃ ያልቃል። ማትሪክሱን ከመጀመራችን በፊት እንዲህ ማለስለስ ፕሪኮንዲሽኒንግ ይባላል።

በላሜራው ላይ ግን ይኸው መድኃኒት ፋይዳ የለውም። ሰያፉ ሁሉ 4 ነው፤ ሁሉንም በ4 ማካፈል ንጽጽሩን አይለውጥም። እዚህ በ1977 ሜይሪንክና ቫን ደር ፎርስት ያሳተሙት ያልተሟላ ቾለስኪ የሚባለው ዘዴ ይረዳል፤ ማትሪክሱን በቀጥታ የመፍታትን ሥራ ጀምሮ፣ በዜሮዎቹ ቦታ የሚበቅሉትን ቁጥሮች እየጣለ የሚሄድ ግምት ነው። κ ን በብዙ እጥፍ ይቀንሰዋል። አንድ ነገር ግን አይለውጥም። መረቡን በእጥፍ ብናጠራው፣ እያንዳንዱን ጎን 200 ብንከፍለው፣ ያልታወቁት 39,601 ይሆናሉ፤ κ አራት እጥፍ አድጎ ወደ 16,200 ይሄዳል፤ የእርምጃው ዋስትና እጥፍ ሆኖ 924 ይሆናል። በዚህ ፕሪኮንዲሽነርም ቁጥሮቹ ያንሱ እንጂ የሚያድጉት በዚያው ልክ ነው።

ለምን? ማትሪክሱን አንድ ጊዜ ስናባዛ እያንዳንዱ ነጥብ የሚሰማው ከአራቱ ጎረቤቶቹ ብቻ ነው። ወሬ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ነው የሚሄደው፤ በአንድ ጥግ የተነሣ ነገር ሌላው ጥግ የሚደርሰው 196 ብዜት አልፎ ነው። በማባዛት ብቻ የሚሠራ ዘዴ የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን ወሬውን ከራሱ ፍጥነት በላይ ሊያስኬደው አይችልም። የመረቡ ቀዳዳ ሲጠብ መንገዱ በነጥብ ቁጥር ይረዝማል፤ √κ በልኩ የሚያድገው ከዚህ የመንገድ ርዝመት ጋር ነው። ኮንጁጌት ግራዲየንት እንግዲህ መንገዱ ከሚያስገድደው ብዙም አላባከነም። ከዚህ በታች መውረድ የፈለገ ሰው ለወሬው አቋራጭ መቁረጥ አለበት። መልቲግሪድ የሚባለው ዘዴ የሚያደርገው ይህን ነው፤ ሰፋ ያለ መረብ ላይ ወጥቶ ሩቅ ያሉትን በጥቂት ዝላይ ያገናኛል። መልቲግሪድን ፕሪኮንዲሽነር ካደረጋችሁት ላሜራው የቱንም ያህል ቢጠራ κ ከአንድ ትንሽ ቁጥር አያልፍም፤ እርምጃውም አይጨምርም።

በ1952 ሁለቱ ሰዎች የቆጠሩት ያልታወቁትን ቁጥሮች ነበር። በእኛ ላሜራ 9,801 ማለት ነው፤ ዋስትናው ደግሞ 462 ይላል። 9,801 የነጥቦቹ ብዛት ነው። እርምጃችንን የወሰነው ግን ነጥቦቹ ስንት መሆናቸው ሳይሆን፣ ወሬ ከዳር እስከ ዳር ለመድረስ በስንት ጎረቤት ማለፍ እንዳለበት ነው።